በቡድን ሞተር ሲነዳ የመጨረሻው ሰው ለምን ይከንፋል?

ጥያቄ፦ ሞተር መንዳት ከጀመርኩ ገና ዓመቴ ነው። ሰሞኑን ከጓደኞቼ ጋር በቡድን መውጣት ጀምሬያለሁ፤ 6 ነን። አዲስ ስለሆንኩ መጨረሻ ላይ አድርገውኛል። እነሱን ለመድረስ ሁሌ እየከነፍኩ ነው፤ ደርሼ ደግሞ ወዲያው ፍሬን እይዛለሁ። ትንሽ ክፍተት ስተው «መኪና ይገባብሃል፣ ጠጋ በል» ይሉኛል። ዚግዛግ ስንሰለፍ በትክክል ምን ያህል ልራቅ? ከእጅ ምልክቶቹስ የትኞቹን ማወቅ አለብኝ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ቦታህ ይስተካከል። አዲስ ነጂ መጨረሻ ላይ አይቀመጥም። ቦታው ከመሪው ቀጥሎ፣ ሁለተኛ ነው። መጨረሻ ላይ የሚሆነው ከቡድኑ በጣም ልምድ ካላቸው ሁለት ሰዎች አንዱ ነው፤ ሌላኛው መሪው ነው። ብዙ ቡድን ግን ይህን ይገለብጠዋል። «አዲሱ ቀስ ብሎ ይምጣ» በሚል ከኋላ ያደርጉታል። ነገሩ ደግነት ይመስላል፤ ግን ከቡድኑ ሁሉ ከባዱን ቦታ ነው የሰጡህ። ለምን እንደሆነ ቁጥሩ ራሱ ያሳይሃል፤ ቆይቼ እመጣበታለሁ። ከክፍተቱ እንጀምር።

የምትሄዱበትን ረድፍ በሐሳብህ ለሦስት ክፈለው፤ የግራ ሲሶ፣ የመሃል ሲሶ፣ የቀኝ ሲሶ። ትራፊክ በቀኝ በኩል በሚሄድበት መንገድ መሪው የግራውን ሲሶ ይይዛል። ከፊት የሚመጣውን ቀድሞ የሚያየው፣ እሱም ቀድሞ የሚታየው እዚያ ሲሆን ነው። ሁለተኛው ሰው በቀኙ ሲሶ፣ ከመሪው ቢያንስ 1 ሰከንድ ወደኋላ ይሆናል። ሦስተኛው እንደገና በግራ፤ ከሁለተኛው 1 ሰከንድ፣ ከመሪው ደግሞ 2 ሰከንድ ይርቃል። እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ትራፊኩ በግራ በኩል በሚሄድበት አገር ግራና ቀኙን ገልብጠው። መሃሉን ባዶ ትተዉታላችሁ። ከመኪና የሚንጠባጠበው ዘይት የሚጠራቀመውም በአብዛኛው እዚያው መሃል ላይ ነው።

ሰከንዱን ለመለካት ከፊትህ ያለው ሞተር አንድ ምሰሶ ወይም የመንገድ ምልክት ሲያልፍ «ሺህ አንድ፣ ሺህ ሁለት» ብለህ ቁጠር። በአንተው ጎን ካለው ሞተር ጋር ስትለካ «ሺህ ሁለት» ብለህ ሳትጨርስ እዚያው ምልክት ላይ ከደረስክ ቀርበሃል ማለት ነው። በሌላኛው ጎን ካለው ጋር ስትለካ ደግሞ «ሺህ አንድ» ብለህ መጨረስ አለብህ።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ። ዚግዛጉ ተጠጋግቶ ለመሄድ የተሰጠ ፈቃድ ይመስለዋል። አይደለም። ከፊትህ፣ በአንተው ጎን ካለው ሞተር ጋር ያለህ ርቀት ያው የተለመደው 2 ሰከንድ ነው፤ አንዲት ቅንጣት አልተቀነሰም። የተቀነሰው የቡድኑ ጠቅላላ ርዝመት ብቻ ነው። ከፊት በሰያፍ 1 ሰከንድ ላይ ያለው ጓደኛህ የሚሄደው በሌላው ጎን ነው። እሱ ድንገት ቢቆም አንተ አትነካውም፤ በጎኑ ታልፋለህ። ዚግዛጉ የሚሠራው በጎኑ ያ ባዶ ቦታ ስላለ ብቻ ነው።

በቁጥር እንየው። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር እየሄዳችሁ ነው እንበል። ይህን ፍጥነት የመረጥኩት ለሒሳቡ ስለሚመች ነው፤ በሰከንድ ልክ 20 ሜትር ነው። እንግዲያው በሰያፍ ያለው ጓደኛህ ከፊትህ 20 ሜትር ላይ፣ በአንተው ጎን ያለው ደግሞ 40 ሜትር ላይ ነው። መንገዱ ደረቅ ነው። በአንተው ጎን ያለው ሰው ጥሩ ነጂ ነውና አደጋ አይቶ አጥብቆ ፍሬን ያዘና በ25 ሜትር ውስጥ ቆመ። አሁን ካለህበት ቦታ ስትለካ እሱ የቆመው 65 ሜትር ላይ ነው። አንተ የፍሬን መብራቱን አይተህ እጅህ ሥራ እስኪጀምር 1 ሰከንድ ፈጀብህ፤ 20 ሜትር ሄደ። አዲስ ስለሆንክ ደግሞ እንደሱ አጥብቀህ አልያዝክም፤ ለመቆም 40 ሜትር ፈጀብህ። በድምሩ 60 ሜትር። እሱ ጋ ለመድረስ 5 ሜትር ሲቀርህ ቆምክ።

5 ሜትር ብዙ አይደለም። ሐሳብህ ሌላ ጋ ሆኖ ፍሬን ለመያዝ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢወስድብህ ኖሮ 70 ሜትር ላይ ነበር የምትቆመው፤ ማለትም ትገጨዋለህ። ስለዚህ 2 ሰከንድ ለንቁ ነጂ፣ በደረቅ መንገድ የተቀመጠ ዝቅተኛው ልክ ነው። ሲደክምህ፣ ሰው ስትጭን ወይም መንገዱ ሲረጥብ ወደ 3 እና 4 ሰከንድ አሳድገው።

በዚሁ ምሳሌ በሰያፍ ያለውን ጓደኛህን እንየው። እሱም እንደዚያው በ25 ሜትር ቢቆም፣ አንተ ካለህበት 45 ሜትር ላይ ነው የሚቆመው። አንተ ግን የምትቆመው 60 ሜትር ላይ ነው። 15 ሜትር አልፈኸው ትሄዳለህ ማለት ነው፤ በጎኑ። ያኔ ወደ መሃል ሸርተት ብሎ ወደ አንተ ጎን ገብቶ ከሆነ የምታልፍበት ቦታ የለም። በዚግዛግ አሰላለፍ ትልቁ ጥፋት ይሄ ነው፤ ቀስ በቀስ ወደ መሃል መንሸራተት። ማንም አስቦበት አያደርገውም። ሰው ወሬ ሲያስብ፣ መልክዓ ምድሩን ሲያይ ሳያውቀው ወደ መሃል ይመጣል። ራስህን ለመፈተሽ የፊተኞቹን ጎማዎች ተመልከት። ከፊትህ ያሉት ሁሉ በአንድ መስመር ላይ ከታዩህ ወይ እነሱ ወይ አንተ ቦታችሁን ለቃችኋል። ጎን ለጎን መሄድ ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው። ጉድጓድ ብታይ ወደየት ትሸሻለህ? ፎቶ ላይ ያምራል፤ ከዚያ ያለፈ ጥቅም የለውም።

አሁን ወደ መክነፉ እንምጣ። ስድስት ሞተር በ1 ሰከንድ ልዩነት ሲሰለፍ ከመሪው እስከ አንተ 5 ሰከንድ ነው። መንደር ውስጥ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ስትሄዱ 5 ሰከንድ ማለት ወደ 55 ሜትር ነው። ከመንደሩ ወጥታችሁ 80 ስትገቡ ያው 5 ሰከንድ 110 ሜትር ይሆናል። አየኸው? ማንም አልዘገየም፣ ማንም አልቸኮለም። ሁሉም እዚያው የመንደሩ መውጫ ምልክት ጋ ሲደርስ ነው ነዳጅ የሰጠው። ርቀቱ ግን እጥፍ ሆነ። አንተ ገና መንደሩ ውስጥ ሆነህ ፊተኞቹ ሲፈተለኩ ታያለህ፤ «ቀረሁ» ትላለህ። እዚያው መንደር ውስጥ፣ ሕፃናት መንገድ በሚሻገሩበት ቦታ 70 ትሰጣለህ። ከዚያ ጓደኞችህ ጋ ስትደርስ ክፍተቱ ከ1 ሰከንድ በታች ይሆንና ፍሬን ትይዛለህ። ፍሬን ስትይዝ ትዘገያለህ፤ እንደገና ትከንፋለህ።

ለዚህ ነው በሜትር ሳይሆን በሰከንድ ለካ የምልህ። ፊተኛው ሲርቅህ አትደንግጥ። ቁጠር። በአንተው ጎን ካለው 2 ሰከንድ ከሆነ ቦታህ ላይ ነህ፤ ምንም ማድረግ አይጠበቅብህም።

አንዳንዴ ደግሞ ጥፋቱ በእርግጥም የመሪው ነው። ከመንደር እንደወጣ ነዳጁን ይለቀዋል፤ ከኋላው ያለው ለመከተል ትንሽ ያመነታል፤ ሦስተኛው ትንሽ ይጨምርበታል። እያንዳንዱ 1 ሰከንድ ቢዘገይ አንተ ጋ ሲደርስ 5 ሰከንድ ሆኗል። ቡድኑ 80 እየሄደ ያቺን 5 ሰከንድ ለማካካስ አንተ 100 እየሄድክ ወደ 20 ሰከንድ ያህል መንዳት አለብህ። መሪው አንዴ እንዳሻው ነዳጅ በሰጠ ቁጥር ዕዳውን የምትከፍለው አንተ ነህ ማለት ነው። ፍሬኑም እንደዚያው ነው። መሪው ለስለስ አድርጎ የነካው ፍሬን ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ እየጠነከረ ይመጣል፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ከፊተኛው ትንሽ ዘግይቶ ስለሚጀምር ትንሽ አጥብቆ መያዝ ግድ ይለዋል። መጨረሻ ላይ ያለው ጎማው እስኪጮህ ይይዛል። ልምድ ያለው ሰው ይህን ስለሚያውቅ ከፊቱ ያለውን ብቻ አይመለከትም፤ ሦስትና አራት ሞተር አሻግሮ ያያል፤ የመሪው ፍሬን መብራት ሲበራ እሱ እጁን ከነዳጅ አንስቷል። አዲስ ሰው ግን ዓይኑ ፊተኛው ጎማ ላይ ይተከላል። መጨረሻ ላይ አትሁን ያልኩህ ለዚህ ነው። ቡድኑ እንደ ላስቲክ ነው፤ ወደኋላ በሄድክ ቁጥር ይበልጥ ይለጠጣል። ከመሪው ቀጥሎ ስትሆን ላስቲኩ አይለጠጥብህም፤ መሪውም በስፖኪዮው ያይሃል፤ ፍጥነቱንም በአንተ ልክ ያደርጋል።

መሪያችሁን አንድ ነገር ለምኑት። ከመንደር ሲወጣ ወይም ከመብራት ሲነሳ፣ የመጨረሻው የፊት መብራት በስፖኪዮው ውስጥ ቦታው ላይ እስኪታየው ድረስ በ60 አካባቢ ይቆይ። ከዚያ በኋላ እንደፈለገ ቀስ እያለ ይጨምር። ይህች ብቻ የመክነፉን ጣጣ በአብዛኛው ትገላግላችኋለች። ላስቲኩ መለጠጥ አለመለጠጡን የምታውቀው ደግሞ በቀላሉ ነው። ምንም በሌለበት ቀጥ ባለ መንገድ ላይ የኋለኞቹ ፍሬን መብራት እየደጋገመ የሚበራ ከሆነ የሆነ ቦታ ሰው ተጠግቷል።

ከስድስት ሰባት በላይ ከሆናችሁ ተከፈሉ። እንዲያውም ስድስትም ሆናችሁ በጠባብ መንገድ ላይ ሦስት ሦስት ብትሆኑ እመርጣለሁ። ምክንያቱ መንገዱ የእናንተ ብቻ አለመሆኑ ነው። ስድስት ሞተር በ72 ኪሎ ሜትር ሲሄድ 100 ሜትር ርዝመት አለው። በ90 የሚሄድ መኪና ሊቀድማችሁ ቢፈልግ በሰከንድ የሚበልጣችሁ በ5 ሜትር ብቻ ነው፤ ስለዚህ 20 ሰከንድ ይፈጅበታል። በነዚያ 20 ሰከንዶች ውስጥ 500 ሜትር በተቃራኒው ረድፍ ላይ ይጓዛል። ይህን ያህል ጥርት ያለ መንገድ ከየት ይመጣል? ከፊት መኪና ሲመጣበት መግቢያ ያጣና መሃላችሁ ይወረወራል። ሦስት ሦስት ሆናችሁ በመካከላችሁ ሰፋ ያለ ቦታ ብትተዉ ግን የመጀመሪያዎቹን ሦስት ለማለፍ 40 ሜትር ነው ያለበት፤ 8 ሰከንድ። ከዚያ ረጋ ብሎ ይገባል፤ ቀጥሎ የሚቀጥሉትን ያልፋል።

እና «መኪና ይገባብሃል» ለሚሉህ ጓደኞችህ፦ ይግባ። ምን ይሆናል? እጅህን ከነዳጅ ታነሳለህ፣ ከመኪናው 2 ሰከንድ ትርቃለህ። ያጣኸው ጠቅላላ ጊዜ ያችው 2 ሰከንድ ናት። መኪናው ደግሞ ብዙ ጊዜ አይቆይም፤ የሚወጣበትን እየፈለገ ነው። ክፍተቱን በመዝጋት የምታስቀረው እሱን ሳይሆን የራስህን መቆሚያ ነው። መኪናውን ክላክስ ማስጮህ፣ እጅ ማወራጨት፣ ጎኑ ሄዶ ማፍጠጥ ደግሞ የልጅ ሥራ ነው። መስቀለኛ መንገድ ላይ ሞተር አቁሞ «ጓደኞቼ ይለፉ» ብሎ መኪና ማገድም እንደዚያው። እሱ የትራፊክ ፖሊስ ሥራ ነው።

ዚግዛጉ የማይሠራባቸው ቦታዎች አሉ። ዋናው ኩርባ ነው። ኩርባ ላይ እያንዳንዱ ነጂ የረድፉን ሙሉ ስፋት ይፈልጋል፤ ከውጭ ጠርዝ ገብቶ ወደ ውስጥ ይመጣና መልሶ ይወጣል። ጎንህ ላይ ሰው ካለ ይህን ማድረግ አትችልም፤ የግድ የማይመችህን መስመር ትይዛለህ። ስለዚህ መሪው ኩርባው ሳይደርስ የአንድ ሰልፍ ምልክት ያሳያል፤ ሁሉም ተራ በተራ ይከተላል። ዝናብ፣ ጭጋግ፣ ጨለማ፣ ጠጠር፣ ጠባብ መንገድ፣ ወደ ፈጣን መንገድ መግቢያና መውጫ፤ እነዚህም በአንድ ሰልፍ ነው።

እዚህ ጋ ልብ በል። በአንድ ሰልፍ ስትሆኑ ከፊትህ ያለው ሰው አሁን በአንተው መስመር ላይ ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ሞተር መካከል 2 ሰከንድ ያስፈልጋል። 5 ሰከንድ የነበረው ቡድን 10 ሰከንድ ይሆናል። ያቺ ትርፍ 5 ሰከንድ የምትመጣው ኩርባው ከመድረሱ በፊት እጃችሁን ከነዳጅ በማንሳት ነው። ምልክቱ ኩርባው አፍ ላይ ሲደርሱ ከታየ የኋለኞቹ ፍሬን እየያዙ ነው የሚገቡት፤ ሞተር ደግሞ አጋድሎ ሳለ ፍሬን አይወድም። ኩርባው ሲያልቅ ተቃራኒው ይሆናል። መሪው ፍጥነቱን ሳይጨምር ይሄዳል፤ ሌላው ቀስ እያለ ወደ ቦታው ይጠጋል። እዚህም ማንም መክነፍ የለበትም።

ደርቦ መቅደም ላይም ቡድን የሚባል ነገር የለም። እያንዳንዱ ለብቻው፣ በራሱ ዓይን አይቶ ነው የሚያልፈው። መሪው አለፈ ማለት ለእሱ ክፍት ነበር ማለት ብቻ ነው። መሪው አልፎ ሲገባ የግራ ሲሶውን ይይዛል፤ ፍጥነቱን ግን ወዲያው አይቀንስም፤ ከቀነሰ ለሁለተኛው ሰው መግቢያ አይኖረውም። ሁለተኛው ሰው ወደ ግራ ሲሶ መጥቶ አሻግሮ ያያል፣ ፍሬቻ ያበራል፣ ስፖኪዮ ያያል፣ አንገቱን ዞር አድርጎ ያረጋግጣል፣ ያልፋል፤ ገብቶም ወደ ቀኝ ሲሶው ይመለሳል። አንተ ተራህ ሲደርስ መንገዱ ካልታየህ አትውጣ። ይጠብቁሃል።

ካልጠበቁህስ? እሱ ከመነሳታችሁ በፊት የሚያልቅ ነገር ነው። ሁሉም ሰው መንገዱን ይወቅ፤ የሚቀጥለው ማረፊያ የት እንደሆነ ይወቅ። አንድ ደንብም ተስማሙ፤ መንገድ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ እያንዳንዱ ከኋላው ያለውን ሰው በስፖኪዮ ሳያይ አያልፍም። ካላየው አመቺና ከመንገድ የወጣ ቦታ ላይ ይጠብቀዋል። ይህ ካለ ቀይ መብራት የሚጥስ አይኖርም፤ ምክንያቱም የሚጠፋ ሰው የለም። መብራት ላይ ስትቆሙ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ጎን ለጎን ቁሙ፤ ቦታ ይቆጥባል፣ አብራችሁም ታልፋላችሁ። ሲነሳ በግራ ያለው ይቀድማል፣ በቀኝ ያለው ቆየት ብሎ ይከተላል።

የእጅ ምልክቱ ላይ አትጨነቅ። ብዙ ዓይነት ነው፤ ከቡድን ቡድንም ይለያያል። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት ሞተራችሁን ሳታስነሱ አንዴ አብራችሁ አሳዩት። ሁሉም በግራ እጅ ነው፤ ቀኝ እጅ ነዳጅና የፊት ፍሬን ይዟል። ትራፊኩ በግራ በሚሄድበት አገርም ቢሆን ይህ አይገለበጥም።

ሰልፉን የሚቀይሩት ሁለቱ ዋናዎቹ ናቸው። ክንድህን ሽቅብ ቀጥ አድርገህ አንድ ጣት ካሳየህ አንድ ሰልፍ፣ ሁለት ጣት ካሳየህ ወደ ዚግዛግ ተመለሱ ማለት ነው። ለመቀነስ ክንድህን ወደ ጎን ዘርግተህ መዳፍህን ወደ መሬት አዙረህ ወደ ታች ታወርደዋለህ። ለመቆም ክንድህ ወደ ታች ተዘርግቶ መዳፉ ወደኋላ ይዞራል። እነዚህን አራቱን እንደ ስምህ እወቃቸው። ነዳጅ ሲያልቅብህ የነዳጅ ጋኑን በጣትህ ታሳያለህ። ማረፍ ስትፈልግ ጨብጠህ ክንድህን ከፍ ዝቅ ታደርጋለህ። ከፊትህ ያለው ሰው ፍሬቻውን ረስቶ ከሆነ እጅህን እንደሚበራና እንደሚጠፋ መብራት ከፈት ዘጋ አድርግለት። ይህ ምልክት ከሁሉም ይልቅ ጥቅም ላይ የሚውል ይመስለኛል። ሞተር ላይ ፍሬቻው ከታጠፍክ በኋላ ብዙ ጊዜ ራሱ አይጠፋም፤ የረሳ ሰው ደግሞ ከኋላው ያለውን መኪና ያሳስታል።

የጉድጓዱን ምልክት ትንሽ ልዘርዝረው፤ ሰው በብዛት የሚያበላሸው እሱን ነው። አደጋው በግራ ከሆነ በግራ እጅ ወደ መሬት ትጠቁማለህ። በቀኝ ከሆነ ቀኝ እግርህን ከመርገጫው አውርደህ ትጠቁማለህ። ችግሩ ጊዜው ላይ ነው። ሰው ጉድጓዱን ሲያልፍ፣ ጎማው ጫፉ ላይ ሆኖ ይጠቁማል። በአንተው ጎን ያለው ተከታይ 2 ሰከንድ ብቻ ነው የሚርቀው። አንዱ ሰከንድ ምልክቱን ለመረዳት ያልቃል፤ የቀረው አንድ ሰከንድ ነው። ስለዚህ ምልክቱ ጉድጓዱ ላይ ከመድረስህ ሦስት አራት ሰከንድ በፊት መውጣት አለበት፤ በ72 ኪሎ ሜትር ይህ ከ60 እስከ 80 ሜትር ነው። ዘግይተህ ካየኸው ተወው። ሁለቱንም እጅህን የሞተርህ መሪ ላይ አድርገህ ራስህን አትርፍ፤ ድንገት ዞር ማለትህ ራሱ ለኋለኛው ምልክት ነው። በቀኝ እግር መጠቆምም የኋላ ፍሬኑን ያስለቅቅሃል፤ ፍሬን በሚያስፈልግበት ሰዓት እግርህን አታውርድ።

ሌላው፣ ሁሉንም ነገር አትጠቁም። ለእያንዳንዷ ስንጥቅ እጁን የሚያወጣ መሪ አለ፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ማንም አያየውም። ሞተር የሚጥል ነገር ብቻ ይጠቆም፤ ጉድጓድ፣ አሸዋ፣ የፈሰሰ ዘይት፣ የወደቀ ጭነት፣ ከብት። ምልክት ስታይ ደግሞ ደግመህ ለኋላህ አስተላልፍ፤ አንተ ካልደገምከው እዚያው ይቀራል። ስታየው ዓይንህን ጉድጓዱ ላይ አትትከል፤ ሞተር ዓይን ወዳለበት ነው የሚሄደው። ማለፊያውን እይ።

በሚቀጥለው ጉዞ መሪው ከእሱ ቀጥሎ እንዲያስቀምጥህ ጠይቅ። «አይ፣ መጨረሻ ላይ ሁን» ካሉህና ፍጥነቱም ካልተስተካከለ፣ ከዚግዛጉ ውጣ። ከመጨረሻው ሰው በስተኋላ 2 ወይም 3 ሰከንድ ርቀህ፣ ረድፍህን ሙሉ ተጠቅመህ፣ ብቻህን እንደምትነዳ ሆነህ ንዳ። ቀጣዩ ማረፊያ የት እንደሆነ አስቀድመህ ስለምታውቅ እዚያ ታገኛቸዋለህ።